አዲሱ ሞኒተሬ ብርሃን ሲያፈስ ለሻጩ እንዴት ጽፌ እንዳስቀየርኩ

ሞኒተሩ 27 ኢንች አይፒኤስ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ቀን ላይ ምንም አይልም፣ ማታ መብራት አጥፍቼ ፊልም ስከፍት ግን ከታች በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ ቢጫ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ነጭ ገጽ ስከፍት ደግሞ የግራው ጎን ከመሃሉ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሱቁ ሄጄ "ስክሪኑ ደስ አላለኝም" ብል መልሱ ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ "ሁሉም እንደዚህ ነው ወንድሜ" ነው የሚሉህ፣ ለዛ ነው በጽሁፍ ላድርገው ያልኩት።

ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት ነበረብኝ። አይፒኤስ ፓነል ጥቁር ላይ በተለይ ጥግ ጥጉን ነጣ ያለ ነገር ያሳያል፣ ግሎው ይሉታል፣ እሱ የፓነሉ ጠባይ ነው ብልሽት አይደለም፣ በሱ ብትከራከር ትሸነፋለህ። ብሊድ የሚባለው ግን ከኋላ ያለው መብራት በፍሬሙ ጠርዝ በኩል ሾልኮ ሲወጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፍሬሙ አንዱን ቦታ አጥብቆ ስለሚጫነው ነው የሚመጣው። መለያው ቀላል ነው፦ ወደኋላ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ በልና ጭንቅላትህን ግራ ቀኝ አድርግ፣ ግሎው ከሆነ አብሮህ ይቀያየራል ይደበዝዛልም፣ ብሊድ ከሆነ እዛው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል። የኔ ንቅንቅ አላለም።

ከዛ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ እንዲሞቅ ተውኩት፣ ከሜኑው ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚባለውን አጠፋሁ (እሱ ራሱ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ፈተናውን ያበላሻል)፣ በፔይንት ሙሉ ጥቁር ምስል ሰርቼ ስክሪኑን ሞላሁትና ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ስልክ በራሱ ሲያነሳ ጨለማውን ስለሚያበራው ትንሿን ብሊድ እሳት አስመስሎ ያመጣዋል፣ ሻጩም ያንን ያውቃል፣ "ካሜራው ነው" ይልሃል። ስለዚህ ፕሮ ሞድ ላይ አድርጌ ፎቶው በአይኔ የማየውን እስኪመስል ኤክስፖዠሩን ዝቅ አደረግኩት፣ ብራይትነሱንም 100 ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ በምጠቀምበት 40 ላይ ነው ያነሳሁት።

ለነጩ ደግሞ የስልክ ብርሃን መለኪያ አፕ ተጠቀምኩ፣ ስልኩን ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሬ አስጠግቼ መሃሉ 180 ሰጠኝ፣ ግራ ጎኑ 125፣ ወደ 30 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የስልክ ቁጥር በራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል፣ ግን በአንድ ስልክ ሁለት ቦታ ስታወዳድር ልዩነቱን ያሳይሃል፣ ለክርክር ይበቃል።

ደብዳቤው ይሄ ነው፣ አጭር ነው፦

"ጉዳዩ፦ ብልሽት ያለበት ሞኒተር እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ።
ቀኑና ሞዴሉ በተያያዘው ደረሰኝ ላይ የተገለጸውን ሞኒተር ከሱቃችሁ ገዝቻለሁ። በጥቁር ምስል ላይ ከታች በቀኝ ጥግ ብርሃን ያፈሳል፣ የማይበትን ቦታ ብቀያይርም ቦታውን አይለቅም። በነጭ ምስል ላይ የግራው ጎን ከመሃሉ ወደ 30 በመቶ ይደበዝዛል። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። ዕቃው አልተፈታም፣ ካርቶኑና ገመዶቹ ተሟልተው አሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሰረት ከተገዛ 15 ቀን ስላልሞላው በተመሳሳይ አዲስ ዕቃ እንዲቀየርልኝ፣ ተመሳሳይ ከሌለ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።"

"አልተፈታም" የምትለዋ ቃል የገባችው በምክንያት ነው። ኢንተርኔት ላይ "ብሎኑን ላላ አድርገው ይስተካከላል" የሚሉ አሉ፣ አንዳንዴ እውነትም ይሰራል፣ ግን አንዴ ከፈታኸው ዋስትናው ሊቀር ይችላል፣ ሻጩም "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ለማለት በር ይከፈትለታል።

ደብዳቤውን በቴሌግራም ላኩላቸው፣ አትሜም ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ መብራቱ ቦግ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ስናበራው ምንም አይታይም፣ ልጁም ፈገግ አለ። "እስቲ መብራቱን አጥፉልኝ" አልኩ፣ ከዛ ሌላ ያው ሞዴል አስከፍቼ ጎን ለጎን ሁለቱንም 40 ላይ ጥቁር አሳየናቸው። የኔው ጥግ ወዲያው ለየ፣ ልጁ ራሱ "እንዴ" አለ። ክርክሩ እዛው ነው ያለቀው፣ አዋጁን ማንሳት እንኳን አላስፈለገኝም።

የተከፈተውን ሌላውን ዝም ብዬ አልወሰድኩትም፣ ነጩንም አስፈትሼ፣ ሲሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስቀይሬ ነው የወጣሁት። ይሄም ላይኛው ጥጉ ላይ ትንሽ ግሎው አለው፣ ጠጋ ብዬ ካላየሁት አይታወቅም፣ ተውኩት።