የመርፌው ማግስት፦ ማቅለሽለሹን የቀነስኩበት መንገድ

ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕመሜ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጋውን ሴማግሉታይድ ከጀመርኩ ወዲህ፣ እዚህ ደሴ የማገኛቸው የስኳር ሕመምተኞች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ማቅለሽለሹ ነው። ስለ መርፌው ሕመም የሚጠይቅ የለም፤ እውነትም መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ሆድ ላይ ሲገባ እምብዛም አይሰማም። ሰውን የሚያስፈራው ሆድ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔም የምጽፈው ስለዚያ ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው የራሳችንን የአንጀት ሆርሞን መስሎ ነው። ምግብ ስንበላ የታችኛው አንጀት ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያዘዋል፣ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ ወደ አንጀት እንዲያሳልፍ ያደርጋል፣ ለአንጎል ደግሞ «ጠግቤያለሁ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ተፈጥሯዊው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል። መርፌው ግን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱን መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቻለው አመጋገብን ከእሱ ጋር ማስማማት ነው።

ሐኪሜ ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገሮችን አጣራ። በቤተሰባችን የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው እንዳለ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎም ስኳር በፍጥነት ሲወርድ የተጎዳ ዓይን ሊባባስ ስለሚችል ዓይኔን እንድታይ ላከኝ። ድሮም የምወስደውን የስኳር ክኒን ሜትፎርሚኑን እንዳለ ተወው። ግሊቤንክላማይዱን ግን በግማሽ ቀነሰው፤ ምግብ ሲቀንስ ይህ ክኒን ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል። መርፌው ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም፣ ከግሊቤንክላማይድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲሆን ግን ያደርጋል። ላብ ላብ ካለኝ፣ እጄ ከተንቀጠቀጠ ወይም ልቤ በፍጥነት ከመታ ወዲያውኑ ስኳሬን እለካለሁ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ስኳር በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት መጠን 0.25 ሚሊ ግራም ነው። ይህ መጠን ስኳርን በወጉ ለመቆጣጠር አይበቃም፤ ሆድን ለማስለመድ ብቻ የተቀመጠ ነው። ስኳሩ አልወረደም ብሎ በራስ ፈቃድ መጨመር ለማስመለስ ቀጥተኛው መንገድ ነው። እኔ በዚህ መጠን ብዙም አልተቸገርኩም፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንደ ድሮው ሆዴ አይጮህም ነበር፣ አልፎ አልፎም ያገሳኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ወደ 0.5 ስንወጣ ነው። በማስታወሻ ደብተሬ የመርፌውን ቀን፣ የበላሁትን፣ የሆዴን ሁኔታና የስኳሬን ልክ እጽፍ ነበር። ገጾቹን ሳገላብጥ ማቅለሽለሹ የሚበረታው ሁልጊዜ ከመርፌው ማግስት እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ መሆኑን አየሁ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከፍ የሚለው በእነዚሁ ቀናት ስለሆነ ነገሩ ገባኝ። በእነዚያ ቀናት ውስጥም የሚብሰው ቅቤ የበዛበት ምግብ በበላሁ ማታ ነበር። አንድ ቀን ዶሮ ወጥ በእንጀራ በልቼ ወዲያው ተኛሁ፤ ሌሊት የተነሳሁት የማታው ምግብ እንደ ተበላ ሆኖ ደረቴ ላይ ቆሞ ነው። ቅባት በተፈጥሮው ጨጓራን ያዘገያል። መርፌው ደግሞ ሌላ መዘግየት ይጨምርበታል።

ከዚያ በኋላ የመርፌ ቀኔን ወደ እሑድ ማታ አዛወርኩ። ሰርግም ሆነ ሌላ ድግስ በእኛ ቤት የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ግን ቤቴ የምበላበት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት የምበላው ቅቤ የሌለው ሽሮ ወይም የምስር ወጥ፣ ከሙሉ እንጀራ ሩብ የማይበልጥ፣ ማታ ደግሞ የገብስ ቅንጬ ወይም ሾርባ ነው። በርበሬውን ቀንሼ አሠራዋለሁ። ሌላው ቁም ነገር ፍጥነቱ ነው። የጥጋቡ ስሜት ከድሮው ቀድሞ ይመጣል፤ በፍጥነት የሚበላ ሰው ግን ያልፈዋል። እኔ የምቆመው ገና ጥቂት እበላለሁ በሚያሰኘኝ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሁለት ጉርሻ ካለፍኩ ማቅለሽለሹ ይከተላል።

የከበደኝ ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ነበር። እናቴ መሶቡ ላይ እጄን ስሰበስብ ታመመች መስሏት ትደነግጣለች። «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ ልጄ» ስትለኝ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? እኔም አንድ ቀን አስቀምጫት መድኃኒቱ ሆዴን እንደሚያዘገየው፣ የምትሰጠኝ ጉርሻ ሌሊት እንደሚያስመልሰኝ ነገርኳት። «አብሽሪ» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ በትንሹ ሰሃን ለብቻዬ ታቀርብልኝ ጀመር። የትልቁ ትሪ ችግር ምን ያህል እንደተበላ አለመታየቱ ነው፤ በሰሃን ሲሆን መጠኑ ከፊት ለፊት ይታያል።

ማቅለሽለሹ ሳምንታት እያለፉ ቀነሰ። የጨጓራው መዘግየት ሰውነት ሲለምደው ይረግባል፤ የምግብ ፍላጎቱ መቀነስ ግን አብሮ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ይህኛው በዋናነት የአንጎል ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ ማንም ያልነገረኝ የሆድ ድርቀት መጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ምግብ ሲቀንስ ከምግቡ ጋር የሚገባው ውሃም ይቀንሳል፣ ጥማቱም ይደክማል። ጠዋት ጠዋት ተልባ በብዙ ውሃ እየጠጣሁ፣ በቀን ውስጥ ደግሞ ሳይጠማኝ ውሃ እየጠጣሁ፣ ምስርና ጎመን ሳላቋርጥ ተስተካከለ። ተልባ ያለ በቂ ውሃ ድርቀቱን ያብሰዋል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ደግሞ ሜትፎርሚንም ተቅማጥ እንደሚያመጣ ያስታውስ፤ ሐኪሜ የሁለቱን መጠን በአንድ ጊዜ ያልነካው የትኛው እንዳመጣው ለመለየት እንዲመች ነው።

የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ በ0.5 መጠን ከ7 በመቶ በታች ወረደልኝ። ሐኪሙ ወደ 1 ሚሊ ግራም መውጣት አያስፈልግም አለ፤ ስኳሩ ልክ ከገባ ሆድን ተጨማሪ መፈተን ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ሕመም ግን በአመጋገብ አይታከምም። ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚሄድና የማይለቅ ከባድ ሕመም የቆሽት ቁጣ ሊሆን ይችላል፤ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ሕመም ደግሞ የሐሞት ጠጠር። ውሃ እንኳ የማይቀበል ማስመለስ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሽንት ከቀነሰና ከጠቆረ ኦአርኤስ እየተጎነጩ ያለ ቀጠሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው እንጂ ቀጣዩን መርፌ መውጋት አይገባም።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ መድኃኒቱ ያለበት ያልተከፈተው የመርፌ ብዕር ከማቀዝቀዣው መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ በረዶ ከሆነ ይጣላል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ 56 ቀን ይቆያል፤ ደሴ መብራት ቢጠፋም ብርዱ ያግዛል። ሙቀቱ በሚበረታበት ኮምቦልቻ ግን ከፀሐይና ከመኪና ውስጥ መጠበቅ ግድ ነው።

መድኃኒቱ በአቅራቢያችን ሁልጊዜ አይገኝም፤ እኔ ራሴ ከውጭ የሚልክልኝን ዘመድ እየጠበቅሁ የቆየሁበት ጊዜ አለ። አንድ መርፌ ካለፈ በአምስት ቀን ውስጥ መውጋት ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ የሚቀጥለውን የመርፌ ቀን መጠበቅ ነው። ሳምንታት ከተቋረጠ ግን ሆድ የለመደውን ይረሳል። የእኔ ሐኪም እንደገና ከ0.25 ያስጀመረኝ ለዚህ ነው፤ በ0.5 ልቀጥል ብዬ ብለምነውም አልፈቀደም።