ማህፀን አልታየም

የአልትራሳውንድ ሪፖርቱ ሁለት መስመር ነበር። «ማህፀን አልታየም። ኦቫሪዎች አልታዩም።» ከሥሩ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ «ሲወለዱ ጀምሮ ማህፀን ካለመኖር ጋር ይስማማል» የሚል ድምዳሜ ተጨምሮበታል። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባ አይታ አታውቅም። እናትየዋ ወረቀቱን ከእጃቸው ሳይለቁ፣ «ልጅ አትወልድም ብለውናል» አሉ። ወረቀቱ ላይ ስለመውለድ አንድም ቃል አልተጻፈም። መንገድ ላይ የተረጎመላቸው ሰው አለ ማለት ነው።

የዕለቱ ሲኒየር ሐኪም ወረቀቱን ተቀበለችና በጀርባው ገልብጣ አስቀመጠችው። «ሲስተር፣ ቁመቷን ለኪልኝ» አለች። 138 ሴንቲ ሜትር። ቀጥሎ መጋረጃው ተስቦ የተመረመረው ጡት ነው፤ ምንም አልጀመረም። የብልት ጠጉር ግን ትንሽ አለ። እናትየዋ ይህን እንደ ተስፋ ይዘውት ኖሯል። «ጠጉሩማ ወጥቷል፣ ደርሳለች ማለት አይደለም?» ሲሉ ጠየቁ። አይደለም። ያ ጠጉር የሚመጣው ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ከሚባለው እጢ በሚወጣ ሆርሞን ነው፤ እንቁላል የሚያመነጨው ኦቫሪ ጨርሶ ባይሠራም ይበቅላል። ጡት ግን ኦቫሪ ከሚያመርተው ሆርሞን፣ ከኢስትሮጅን፣ ውጪ አያድግም።

ምርመራው ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። በደም የሚለካው ዋናው ኢስትሮጅን፣ ኢስትራዲዮል፣ የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ጡት ግን ኦቫሪው ላለፉት ዓመታት ሲሠራ እንደቆየ ወይም እንዳልሠራ ያሳያል። ለዚህም ነው ልጅቷን መቼ እንመርምር የሚለው ቀጠሮ በጡት የሚለያየው። ጡቷ እያደገ ያለች ልጅ 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካልመጣ፣ ወይም ጡቷ ከጀመረ 3 ዓመት ካለፈ፣ ትመረመራለች። ጡት ጨርሶ ያልጀመረች ከሆነ ግን 13 ዓመት ይበቃል። 16 የሚለው የቆየው ቁጥር ነው። ይህች ልጅ በጡቷ ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ቀድማ መታየት ነበረባት።

የሪፖርቱ ችግርም የታየው በዚሁ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ ማህፀን አለመኖር፣ ሮኪታንስኪ የሚባለው፣ አለ። ግን የዚያ ዓይነት ልጅ ኦቫሪዎቿ ደህና ናቸው፤ ስለዚህ ጡቷ እንደ እኩዮቿ አድጓል፣ ቁመቷም ደህና ነው። ማህፀን የሌላት ሌላዋ፣ ክሮሞዞሟ እንደ ወንድ 46,XY ሆኖ ሰውነቷ ለወንድ ሆርሞን የማይመልሰው፣ እሷም ጡት አላት፤ የምትለየው የብልት ጠጉሯ በጣም ሳስቶ ወይም ጠፍቶ፣ ቴስቶስትሮኗ ደግሞ የወንድ ያህል ሆኖ በመገኘቱ ነው። ጡትም ማህፀንም አብረው የሚጠፉበት ሁኔታ ቢኖርም እጅግ ጥቂት ነው፤ ከነዚያም መካከል አንዱ ከፍ ያለ የደም ግፊት ይዞ ይመጣል። የዚህችኛዋ ግፊት ደህና ነበር። ደረቷና ወረቀቷ እየተቃረኑ ነው።

ሲኒየሯ ስልክ አነሳችና ራዲዮሎጂስቱን አገኘችው። ክፍሉ ጸጥ ስላለ የሁለቱም ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ፊኛዋ ሞልቶ ነበር?»

«ወረፋውን ታውቂዋለሽ።»

«ሞልቶ ነበር ወይ?»

«ግማሽ ያህል።»

«እና ማህፀኑን የት ፈለግከው?»

«የት ይፈለጋል? መጠየቂያው 16 ዓመት ይላል፤ የ16 ዓመት ማህፀን ፈለግኩ፤ የለም።» ትንሽ ዝም አለና፣ «ጡት የላትም ብላችሁ ብትጽፉልኝ የ8 ዓመት ልጅ ማህፀን እፈልግ ነበር» አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መጠየቂያው ተገላብጦ ታየ። ከሌላ ጤና ተቋም ነው የተጻፈው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ «የወር አበባ አላየችም»፤ በቃ። ሰውዬው ድምዳሜውን ከየት እንዳመጣው ባይታወቅም፣ ስለመጠየቂያው የተናገረው ልክ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ልክ ሲሆን ደግሞ ያንገበግባል።

ኢስትሮጅን ያላገኘ ማህፀን ዕድሜው ስንት ቢሆን የልጅ ማህፀን ነው። የአዋቂ ሴት ማህፀን ወደ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ላይኛው ክፍል ከአንገቱ ይወፍራል፣ መሃሉ ላይ የሽፋኑ መስመር ይታያል። የልጅ ማህፀን 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው፤ አንገቱ ከላይኛው ክፍል ይወፍራል ወይም እኩል ነው፤ መስመሩም የለም። በሆድ በኩል ሲታይ ፊኛው ሞልቶ አንጀቱን ወደ ላይ ካላነሳው በአንጀት ጋዝ ይሸፈናል። ከመጠን በላይ ከሞላ ደግሞ ይህን ቀጭን ነገር ተጭኖ ያጠፋዋል። ልጅቷ ውኃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቃ፣ እንደገና ታየች። ከፊኛው ጀርባ 2.9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማህፀን ነበር። ኦቫሪ አሁንም አልታየም፤ ይህኛው ግን አሁን ትርጉም አለው።

እናትየዋ ለጥቂት ደቂቃ ውጪ እንዲቆዩ ተደርጎ ልጅቷ ብቻዋን ተጠየቀች፤ የሽንት የእርግዝና ምርመራም ተደረገላት። በእሷ ጡት ማንም እርግዝና አይጠረጥርም፤ ግን የወር አበባ ሳይመጣ ማርገዝ ስለሚቻል ይህ ምርመራ ሰው ተመርጦለት የሚታለፍ አይደለም። ከዚያ ደም ተወሰደ፦ ኤፍ.ኤስ.ኤች፣ ኢስትራዲዮል፣ ፕሮላክቲን፣ የታይሮይድ ምርመራ።

ኤፍ.ኤስ.ኤች አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ኦቫሪን «ሥሪ» የምትልበት ሆርሞን ነው። ኦቫሪው ካልመለሰ ትዕዛዙ እየጨመረ ይሄዳል። የልጅቷ 84 ሆነ፤ ያረጠች ሴት ልክ ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሲደገምም ያው ከፍ ያለ ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ይሆናል፤ ችግሩ ከላይ ከአንጎል ነው ማለት ነውና ክብደቷ፣ አመጋገቧ፣ ስፖርቷ፣ የቆየ ሕመም፣ ሽታ ማሽተት መቻሏ ይጠየቃል፤ የቤተሰቡ ሴቶች ሁሉ ዘግይተው የደረሱ ከሆነም መጠበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ዝቅ ካለ ቁጥር ጋር መከራከር ረጅም ነው። ከፍ ያለው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ያስከትላል፦ ኦቫሪው ለምን አልሠራም? የ16 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ሲሆን ክሮሞዞም ሳይታይ አይታለፍም።

የክሮሞዞም ምርመራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቱቦው ላይ ነው። ሴሎቹ በሕይወት ደርሰው ለሦስት ቀን ያህል መባዛት አለባቸው፤ ስለዚህ ደሙ ሄፓሪን ባለው አረንጓዴ ክዳን ቱቦ ይወሰዳል፣ በረዶ ውስጥም አይገባም። የዚህች ልጅ የመጀመሪያ ናሙና ለተራ የደም ቆጠራ በሚያገለግለው ሐምራዊ ክዳን ተወስዶ ተመለሰ። ሁለተኛው ሄዶ ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ፦ 45,X፤ ከሁለቱ የ X ክሮሞዞሞች አንዱ የለም ማለት ነው። ተርነር ሲንድሮም።

ያኔ ቀደም ሲል ተበታትነው የነበሩት ነገሮች ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እናትየዋ እንዳሉት በልጅነቷ ጆሮዋ ደጋግሞ ይመግል ነበር። ከክፍል ጓደኞቿ ሁሉ አጭር ነበረች፤ ቤተሰቡ ግን አጭር አይደለም። ከኋላ የፀጉሯ መጀመሪያ አንገቷ ላይ ዝቅ ይላል። አንገቷ ብዙም አይሰፋም፤ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ሥዕል የሆነች ልጅ የሚጠብቅ ሰው ያልፋታል።

ከውጤቱ በኋላ ቀጠሮው የማህፀን ብቻ አይደለም። ልብና ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ሥር አኦርታ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ይታያሉ፣ የደም ግፊት በክንድና በእግር ይለካል፣ ኩላሊት በአልትራሳውንድ፣ ጆሮ፣ ታይሮይድ። የ Y ክሮሞዞም ቁራጭ የተገኘባት ብትሆን ኖሮ ያልሠሩት ኦቫሪዎች ላይ ዕጢ የመብቀል አደጋ ስላለ ማውጣት ይመከር ነበር፤ የእሷ ውስጥ አልነበረም።

ኦቫሪዋ ያልሰጣትን ሆርሞን ለመተካት በሚሰጠው መድኃኒት ላይ አንድ ጠብ ተነስቶ ነበር። አንድ ባልደረባ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ጽፎ፣ «በወሩ ደም ታያለች፣ ደስ ይላቸዋል» አለ። ደሙማ ይመጣል። ጡቱ ነው የሚበላሸው፤ ከመጀመሪያው ሙሉ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ሲሰጥ ጡት ቅርፁን ሳይዝ ሊቀር ይችላል። የተጀመረላት ኢስትራዲዮል በቀን 0.25 ሚሊ ግራም ነው፤ አዋቂ ከምትወስደው 2 ሚሊ ግራም አንድ ስምንተኛ። በየስድስት ወሩ ገደማ ከፍ እየተደረገ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ፕሮጄስትሮን የሚጨመረው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ወይም ደም ብልጭ ማለት ሲጀምር ነው። እንክብሉን የጻፈው ባልደረባ «እናንተ ሰው ታስጠብቃላችሁ» ብሎ ወጣ።

ወሮች ሄደው አልትራሳውንድ ሲደገም ማህፀኑ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ነበር። እናትየዋ የመጀመሪያውን ወረቀት አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት መጡ፤ «ይቀደድ?» ብለው ጠየቁ። ሲኒየሯ «አይቀደድም፣ ካርዱ ውስጥ ይግባ» አለቻቸው። ስለመውለድ የነገረቻቸውም አላማረም፦ በራሷ እንቁላል የማርገዟ ነገር እጅግ የጠበበ ነው፤ በሌላ ሴት እንቁላል ግን ማህፀኑ ሊሸከም ይችላል፤ እሱም ልቧና አኦርታዋ በደንብ ከታዩ በኋላ፣ ምክንያቱም በተርነር እርግዝና አኦርታን ሊቀድ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የአልትራሳውንድ መጠየቂያው ላይ ሁለት መስመር ተጨመረ፦ ቁመት፣ የጡት ደረጃ። ራዲዮሎጂስቱም ያልተሞላውን አልቀበልም አለ። አሁን ሁሉም ይሞላል። ብዙዎቹ «የጡት ደረጃ» በሚለው ላይ «ጤናማ» ብለው ይጽፋሉ፤ ልጅቷ ኮቷን ሳታወልቅ። በቅርቡ አንዱ መጠየቂያ የቁመቱ ቦታም ላይ «ጤናማ» ተብሎ ሄደ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «በሜትር ወይስ በዓይን?» ተብሎበት ተመለሰ።