አምስተኛው ሴሚስተር

አንድ ባልደረባችን የላከልኝ ፎቶ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። የዩኒቨርሲቲው የተማሪ ገጽ ነው፤ ከስሙ በታች በቀይ Financial Hold የሚል የክፍያ እገዳ ጽሑፍ ይነበባል። እሱ የጨመረባት አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «እህቴ፣ ዲፌንሴ የዛሬ ሳምንት ነው፤ መሥሪያ ቤትህ አልከፈለም ብለው ዘግተውብኛል፤ ምን ጉድ ነው?»

ጉዱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ብቻዬን ባልሆንም፣ ፊርማው ያለው የእኔ ነው።

የምሠራው በሰው ሀብት ሥር ባለው የሥልጠና ክፍል ነው። ይህ ልጅ ለማስተርስ ሲመረጥ ምንም ችግር አልነበረበትም፤ የትምህርት መስኩ ከሥራው ጋር ይገናኛል፣ የቅርብ አለቃው ደግፎታል፣ የሚተካው ሰውም ተመድቧል። ኮሚቴው ደመወዙ ሳይቋረጥ የ24 ወር የትምህርት ፈቃድ ሰጠው። ከዚያ እንደ ልማዳችን ከሦስት ጠረጴዛ ሦስት ወረቀት ወጣ። የፈቃዱ ደብዳቤ ከሰው ሀብት ተጽፎ ግልባጩ ለደመወዝ ክፍል ሄደ። የአገልግሎት ግዴታ ውሉን የሕግ ክፍል አዘጋጅቶ እሱና ዋሱ ፈረሙበት፤ ዋሱ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራ ጓደኛው ነው። ሦስተኛውን፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲው የሚላከውን የስፖንሰርነት ደብዳቤ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲው ከሦስቱ የሚያውቀው የእኔን ደብዳቤ ብቻ ነው። ፈቃዱ የስንት ወር እንደሆነ፣ በውሉ ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። የሒሳብ ክፍላቸው ደብዳቤውን ተቀብሎ በተማሪው ሒሳብ ላይ የስፖንሰሩን ስም፣ የሚሸፍነውን የክፍያ ዓይነት እና የመጨረሻውን ሴሚስተር ይመዘግባል። ተማሪው በየሴሚስተሩ ሲመዘገብ ክፍያው መጀመሪያ በስሙ ይያዛል። ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ጊዜው ሲያልቅ የስፖንሰሩ ድርሻ ከእሱ ሒሳብ ላይ ይነሳና በእኛ ስም የክፍያ መጠየቂያ ይሆናል። እኛ ጋ የሚደርሰው ያኔ ነው። በደብዳቤው ያልተጠቀሰ ነገር ካለ እዚያው ተማሪው ላይ ይቀራል። እኔ የጻፍኩት ደግሞ «ለአራት ሴሚስተር የትምህርት ክፍያ» የሚል ነበር።

አራተኛው ሴሚስተር ሲያልቅ ቴሲሱ አላለቀም። የላቦራቶሪ ውጤቱ ዘግይቶበት አማካሪው አምስት ወር ያስፈልግሃል አሉት። እሱም ለአለቃው ኢሜይል ጻፈ፤ አለቃው «ይቀጥል» ብለው ወደ እኔ መሩት። እኔ ደግሞ ለደመወዝ ክፍል ባለ ሁለት መስመር ማስታወሻ ጻፍኩና ደመወዙ ለአምስት ወር እንዲቀጥል አደረግኩ። ፈቃዱን ያራዘምኩ መስሎኝ ፋይሉን ዘጋሁት። ኮሚቴው አላየውም፣ ሕግ ክፍል አልሰማም፣ ለዩኒቨርሲቲውም አንዲት ቃል አልሄደችም።

እሱ ለአምስተኛው ሴሚስተር ተመዘገበ። በሲስተሙ የእኛ ስም ካለፈው ሴሚስተር ጋር አብሮ አብቅቷልና ክፍያው እሱው ላይ ቀረ። ገጹ ላይ ዕዳውን አይቶት ነበር። ግን አራቱንም ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ በስሙ ሲታይና ከሳምንታት በኋላ ሲጠፋ ስላየ፣ ይሄም ይጠፋል ብሎ ተወው። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ነው፤ ቴሲስ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያንን ሳጥን የሚከፍተው አማካሪውን ሲፈልግ ብቻ ነው። እኛ ጋ ደግሞ መጠየቂያ አልመጣም። የመጣ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይጨቀጭቃል፤ ያልመጣ ደብዳቤ ግን ማንንም አይቀሰቅስም።

ፎቶው እንደደረሰኝ ወደ ሒሳብ ክፍላቸው ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ስሙን ስነግራት በትህትና አስቆመችኝ። «ይቅርታ፣ ለዚህ ሴሚስተር ስፖንሰር ሆናችሁ አልተመዘገባችሁም። የተማሪውን የጽሑፍ ፈቃድ ካላየሁ ስለ ሒሳቡ ልነግርዎት አልችልም።» አራት ሴሚስተር የከፈልንለትን ልጅ እንደ ባዳ ሆኜ ጠየቅኩ። ስናደድ ቆይቼ እውነቷን መሆኑን ተቀበልኩ፤ ልጁ ዕዳውንም ውጤቱንም ለአሠሪው የማሳየት ግዴታ ቢኖርበት እንኳ ግዴታው የእሱ እንጂ የእሷ አይደለም። በሰዓቱ ፈቃዱን ጽፎ ላከልኝ። (አሁን ይህን የፈቃድ ቅጽ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ከውሉ ጋር አስፈርማለሁ።)

አዲስ ደብዳቤ ለመጻፍ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን መስማማት ነበረባቸው። ጋሽዬ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ሁለት ዓመት ብለን አምስት ወር ጨመረ፤ ነገ ደግሞ ዲፌንሱን ቢወድቅስ? ካለፈ እንከፍላለን ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። እኔም ጊዜ እንዳላጠፋ ያሉትን ጻፍኩ። በማግስቱ ያቺው ሴት ደወለችልኝ፦ «ይህን ልንቀበለው አንችልም። በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያ ከሆነ ተማሪው አሁን ይክፈል፣ እናንተ በኋላ ለእሱ መልሱለት። በእናንተ ስም መጠየቂያ የምናወጣው ያለ ቅድመ ሁኔታ ከከፈላችሁ ነው።»

ይህ ብዙ አሠሪ የሚሳሳትበት ቦታ ይመስለኛል። «ካለፈ» የሚለው ቃል በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል የሚገባ ነው፤ ቦታውም የግዴታ ውሉ ነው። ወድቆ ከመጣ ገንዘቡን ከእሱ እንጠይቃለን። ዩኒቨርሲቲው ግን ያስተማረበትን ዋጋ ይፈልጋል፤ ፈተና ማለፍና መውደቁን ለክፍያ መጠበቂያ አያደርገውም። ይህንን ለጋሽዬ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ውሉ አምስቱን ወር ይዟል?» ብለው ጠየቁኝ። አልያዘም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ፈረሙ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ተማሪውን፣ ሴሚስተሩን፣ የሚሸፈነውን ክፍያ፣ መጠየቂያው የሚላክበትን አድራሻ ይዞ ሄደ። እገዳው የተነሳው ገንዘቡ ሲገባ ሳይሆን ደብዳቤው ሲመዘገብ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ቀይዋ ጽሑፍ ጠፋች። ልጁ ዲፌንሱን በቀኑ ሠራ። የዘገየበትን ቅጣት ግን ስፖንሰር አይሸፍንምና ከኪሱ ከፈለ። ልክፈልልህ ብለው አልቀበልም አለኝ፤ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በ29ኛው ወር ወደ ሥራ ተመለሰ። ሦስት ዓመት በደንብ አገለገለ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ አግኝቶ መልቀቂያ አስገባ። ያኔ ነው ያቺ ባለ ሁለት መስመር ማስታወሻ ከመቃብር የወጣችው።

ውሉ ላይ የተጻፈው «ለ24 ወር ትምህርት፣ ወደ ሥራ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ 48 ወር» ነው። ካቋረጠ ለትምህርቱ የወጣውን የትምህርት ክፍያና ደመወዝ ባላገለገለው ወር ልክ ይመልሳል። ሰው ሀብት ግን መመሪያው ለእያንዳንዱ የትምህርት ወር ሁለት ወር ስለሚል፣ 29 ወር የተማረ 58 ወር ማገልገል አለበት አለ። ሁለቱን ስሌት በወር ደመወዝ መልክ ላስቀምጠው፣ ነገሩ እንዲታይ።

በውሉ ከሄድን የ24 ወር ደመወዝ አለ፤ የትምህርት ክፍያው ደግሞ ሲሰላ የ12 ወር ደመወዙን ያህል ይመጣል። ድምሩ 36። ከ48 ወር 36ቱን አገልግሏል፣ የቀረው 12 ወር ወይም ሩብ ነው። ስለዚህ የሚመልሰው የ9 ወር ደመወዙን ያህል ነው። በሰው ሀብት ስሌት ደግሞ የደመወዙ 29 ይሆናል፣ የትምህርት ክፍያው የአምስተኛውን ሴሚስተር ጨምሮ 13 ይሆናል፣ ድምሩ 42። ከ58 ወር የቀረው 22 ነው። 42ን በ22 አባዝተን ለ58 ስናካፍል 16 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይመጣል። አንዲት ማስታወሻ የሰባት ወር ደመወዝ የሚያህል ልዩነት ወለደች።

የሕግ ባለሙያችን ፋይሉን ገልብጦ ጨረሰና «ለአምስቱ ወር የፈረመው የት ነው?» አለኝ። ኢሜይሉን አሳየሁት። «ይሄ ልመናው ነው፤ ይሄ ደግሞ የአለቃው መልስ። ግዴታውን አውቆ የተቀበለበት ወረቀት አሳዪኝ።» አልነበረኝም። «መመሪያው ለእኛ መመሪያ ነው። እሱን የሚያስረው የፈረመው ነው። ዋሱን ደግሞ ከፈረመው በላይ አንዲት ወር አልጨምርበትም።» የሰው ሀብት ኃላፊያችን ሳይወዱ በግድ 9ኙን ተቀበሉ። ልጁ አልተከራከረም፤ ከፊሉ ከመጨረሻ ክፍያው ተቀነሰ፣ የቀረውን በየወሩ ከፍሎ ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀይሬአለሁ። ማራዘሚያ የሚባል ነገር የሚሄደው በአንድ ቅጽ ነው፤ ቅጹ የተሻሻለው ውል በተማሪውና በዋሱ ሳይፈረም፣ ለዩኒቨርሲቲውም አዲስ ደብዳቤ ሳይወጣ ደመወዝ ክፍል እንዳይቀበለው ተስማምተናል። ሌላው፣ በየሴሚስተሩ ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀን ካለፈ በኋላ በ15ኛው ቀን የተማሪዎቻችንን ስም ከመጡት መጠየቂያዎች ጋር አመሳክራለሁ። መጠየቂያ ያልመጣለት ካለ ያን ቀን ለተማሪው እደውላለሁ። ባለፈው ዓመት አንዷን ያገኘሁት በዚህ ነው፤ ተመዝግባ ሳትጨርስ ሴሚስተሩ ተጀምሮባት ነበር።

ልጁ የመጨረሻውን ክፍያ በከፈለ ማግስት ዋሱ ከዕቃ ግምጃ ቤት መጣ። የነፃነት ደብዳቤ ፈልጎ ነው። ጻፍኩለት፣ ማኅተም አስደረግኩለት። ቆሞ እስከ ታች ድረስ አነበበውና ጣቱን «48 ወር» የሚለው ላይ አሳረፈ።

«እህቴ፣ እነዚያ አምስት ወሮችስ? ነገ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይጠይቀኝ።»

«አልፈረምክባቸውም» አልኩት።

ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።