ከዳር የገባችውን እጅ ስቆርጣት ፎቶው ምን ሆነ?

አክስቴ ቡና ስትቀዳ ያነሳኋት ፎቶ አለኝ። ጀበናው ዘንበል ብሏል፣ ዓይኗ ሲኒው ላይ ነው። በቀኝ ዳር ግን ፈንዲሻ ሊዘግን የተዘረጋ የእንግዳ እጅ ገብቷል። ክንድ የለ፣ ባለቤት የለ፤ ጣት ብቻ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ደግሞ እሱ ላይ አርፏል፤ ስለዚህ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ጣቶቹ ከቀኝ 400 ያህሉን ይዘዋል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ መቁረጫውን ለመክፈት R ተጫንኩና ያንኑ ያህል ከቀኝ ብቻ ቆርጬ አየሁት። እጁ ጠፋ፣ ፎቶው ግን ታፈነ። የአክስቴ ፊት ከግራ 2000 ላይ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛው ላይ ነበር። የምታየው ወደ ቀኝ ነው። ከቀኝ ሲቀነስ ፊቷ ወደ መሀል ይጠጋል፣ ከፊቷ ያለው ክፍት ቦታም ይጠባል። ግድግዳ ፊት ለፊት ያስቀመጧት መሰለች።

መላው ከግራም መቁረጥ ነው፤ ግን እኩል አይደለም። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው አንድ ሦስተኛው ላይ ከሆነ፣ ከሩቁ ጠርዝ የወሰዱትን ግማሽ ከቅርቡ መውሰድ ይበቃል። እኔም ከግራ 200 ቀነስኩ። ፊቷ ከ5400 ውስጥ 1800 ላይ አረፈ፤ ያው አንድ ሦስተኛ።

አሁን ቁመቱ ቀረ። የወርዱና የቁመቱ ሬሾ 3 ለ2 እንዲቆይ ከፈለግን ቁመቱ 3600 መሆን አለበት፣ ስለዚህ 400 መሄዱ ነው። ከላይም ከታችም እኩል ስወስድ የረከቦቱ እግሮች ተቆረጡ። አንዱን እንግዳ ነገር አስወጥቶ ሌላ የተጎመደ ነገር ማስገባት ምን ዋጋ አለው? ሁሉንም ከላይ ወሰድኩት፤ እዚያ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። የረከቦቱ እግርም ቄጠማውም ዳኑ። 5400 በ3600 ደግሞ በ45 በ30 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም ይበቃል።

ከዳር የሚገቡት የካሜራ ማንገቻና ሌንስ የነካ ጣት ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ሌንሱ አጠገብ ስለሆኑ ፎከስ አይገቡም፤ ጠርዛቸው እየደበዘዘ ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቆርጬ ስጨርስ 100% አጉልቼ ጥጉን አያለሁ። ግድግዳው እዚያ ብቻ ቀላ ወይም ጠቆር ካለ ገና አልወጣም ማለት ነው። ጣቱ የሰው ፊት ድረስ ከደረሰ ግን በመቁረጥ አይወጣም፤ ሌላ ፎቶ መምረጥ ይሻላል።

ሁሉም እጅ ደግሞ አይቆረጥም። ከዚያው ቀን አክስቴ ሲኒ ስታቀብል ያነሳሁት አለ፤ የተቀባዩ ሁለት ጣት ብቻ ይታያል። ቆርጬ ባሳያት «ለማን ነው የምሰጠው?» አለችኝ። ጣቶቹን መለስኳቸው።