ጂ ፕሮቲንን ያለ ሰንጠረዥ እንዴት አጠናሁት

ጂ ፕሮቲን ከውጭ የመጣን መልእክት ከተቀባዩ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያሻግር ፕሮቲን ነው። መንገዶቹን በሰንጠረዥ መሸምደድ አልሆነልኝም። የተቀባዩ ስም፣ የኢንዛይሙ ስም፣ የመልእክተኛው ስም… ማታ የያዝኩት ጠዋት የለም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትቼ ሕዋሱን አስቀደምኩ። መልእክቱ ማን ላይ ነው ያረፈው? ከዚያስ ምን ሆነ?

በቆዳ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን ለሚማር ሰው ይህ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ብርዱ ሲጠና ጣት ይነጣል። የነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊን ይለቃሉ። የደም ሥሩ ጡንቻ ላይ ያለው አልፋ-1 ተቀባይ ይይዘውና ጂ-ኪው የሚባለውን ጂ ፕሮቲን ያስነሳል። ጂ-ኪው ደግሞ ፎስፎላይፔዝ ሲን ያሠራል። ይህ ኢንዛይም ከሕዋሱ ሽፋን ላይ አንድ ቅባት ለሁለት ይቆርጣል። አንዱ ቁራጭ፣ አይፒ-3፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የተከማቸ ካልሲየም ያስለቅቃል። ሌላው፣ ዲኤጂ፣ እዚያው ሽፋኑ ላይ ቀርቶ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲን ያነቃቃል። በካልሲየሙ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ደም ሥሩ ይጠባል።

ቤታ ተቀባዮች የሚሠሩት በሌላ ጂ ፕሮቲን፣ በጂ-ኤስ ነው። እሱ የሚያስነሳው ኢንዛይም፣ አዴኒላይል ሳይክሌዝ ከኤቲፒ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይሠራል፤ እሱም ፕሮቲን ካይኔዝ ኤን ይቀሰቅሳል። እዚህ ላይ አብሮኝ የሚያጠናው የመንዝ ልጅ ያዘኝ፦ «ቆይ፣ ያው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ልብን ካበረታ፣ የአየር ቧንቧን ለምን ያላላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው ካይኔዙ በሚነካው ነገር ላይ ነው። ልብ ውስጥ የካልሲየም በሮችን ያሰፋል፤ ካልሲየም በብዛት ይገባል፣ ምቱ ይጠነክራል። የአየር ቧንቧ ጡንቻ ውስጥ ግን ለመኮማተር የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ያዳክማል። አስም ያለበት ሰው ሳልቡታሞል ስቦ ትንፋሹ ሲከፈት ልቡም ድው ድው የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቤታ-2ን ይመርጣል እንጂ ልብ ላይ የሚበዛውን ቤታ-1ን ጨርሶ አይተውም፤ ልብም ላይ ቤታ-2 አለ።

ሦስተኛውን ጂ ፕሮቲን፣ ጂ-አይን፣ ያጠናሁት እዚያው ልብ ላይ ነው። የቫገስ ነርቭ አሴቲልኮሊን ይለቃል፤ ኤም-2 ተቀባይ ጂ-አይን ያስነሳል፤ እሱም አዴኒላይል ሳይክሌዝን ይገታል። ጂ-አይ እንደ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያለ የራሱ ሁለተኛ መልእክተኛ የለውም፤ ጂ-ኤስ የሠራውን ይቀንሳል። ቤታ-ጋማ የሚባለው ክፍሉ ደግሞ የፖታሲየም በር ይከፍታል። ልብ ቀስ የሚለው በሁለቱም ነው። ብዙዎች ይህችን ሁለተኛዋን ይዘሏታል።

መግባቱን የፈተሽኩት በመርዞች ነው። የኮሌራ መርዝ የጂ-ኤስን አልፋ ክፍል እንዳይጠፋ አድርጎ ይቆልፈዋል፤ አንጀት ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ ክሎራይድ ይወጣል፣ ውኃው ይከተላል። የትክትክ መርዝ ደግሞ ጂ-አይን ከተቀባዩ ይለያየዋል። ሁለቱም ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከፍ ያደርጋሉ፤ አንዱ የነዳጁን መርገጫ ይዞ፣ ሌላው ፍሬኑን ነቅሎ።