በጾም የተያዘ ጸናጽል

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች አጫጭር ቪዲዮዎች እሠራለሁ። እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ ናቸው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አነሣና ስሙን፣ ሥራውንና ትርጉሙን እነግራቸዋለሁ። የሚያዩኝ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። ባለፈው መጋቢት ተራው በማኅሌት በእጅ እየተወዛወዘ ድምፅ የሚሰጠው የጸናጽል ነበር።

ጽሑፉን በአንድ ማታ ጨረስኩት። ልጅ ሆኜ የተማርኩት ስለሆነ በቃሌ ነው የማውቀው። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ ጎኖች ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ናቸው። በመካከላቸው የተጋደሙት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ፍቅረ እግዚአብሔርና ፍቅረ ቢጽ ናቸው፤ እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ ማለት ነው። በዘንጎቹ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተቱት ክብ ጠፍጣፋ ብረቶች ደግሞ ያዕቆብ በሕልሙ ባየው መሰላል ላይ የሚወጡና የሚወርዱ መላእክት ናቸው። አለቀ። ሦስት ደቂቃም አይሞላ።

ለመሞከር ያህል ለወንድሜ ልጅ አነበብኩላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አክስቴ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው እኮ ሦስት ዘንግ ነው» አለችኝ።

ሦስት ነው? ስንት ዓመት ሙሉ በማኅሌት ሳየው ቆጥሬው አላውቅም። እሷ ግን አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ቆጥራዋለች። «ሦስተኛው ማን ነው ታዲያ?» አለችኝ ደግማ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

በማግስቱ መሪጌታችን ዘንድ ሄድኩ። ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። ከቅኔ ማኅሌቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ዕቃ ቤት ሁለት ጸናጽል በጨርቅ ጠቅልለው አወጡልኝ። አንደኛው ባለ ሁለት ዘንግ፣ ሌላው ባለ ሦስት። ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«የቱ ነው ትክክለኛው የኔታ?»

«ሁለቱም። አንጥረኛው ሁለት አድርጎ ሲሠራው፣ ሊቃውንቱ ሁለቱን ፍቅር ያስተምሩበታል። ሦስት ሲያደርገው ሥላሴን ያስተምሩበታል። የብረቶቹ ቁጥርም እንዲሁ ነው። አምስት ከሆኑ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ትናገሪበታለሽ። ልጆቹ ዕቃውን አይተው ይቁጠሩ፤ አንቺ ከቆጠሩት ተነሺ።»

የእኔ ጽሑፍ የተገላቢጦሽ ነበር። ልጆቹ ዕቃውን ሳያዩት ቁጥሩን እያሸከምኳቸው ነበር። በእጃቸው የያዙት ከነገርኳቸው ሲለይ ደግሞ ወይ እኔን ወይ ዕቃውን «ተሳስቷል» ሊሉ ነው። የወንድሜ ልጅ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ድምፁን ልቀዳ ፈልጌ «የኔታ፣ እስኪ ትንሽ ያሰሙኝ» አልኳቸው።

ጸናጽሉን በቀኝ እጃቸው አነሡት። ከዚያ ግን በግራ እጃቸው ጣቶች ብረቶቹን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ከዘንጉ ጋር ያዟቸው። «ዐቢይ ጾም ነው ልጄ። ድምፁን ከፋሲካ በኋላ ትቀጂያለሽ። አሁን እጄን ተመልከቺ» አሉኝ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል እንደሚያርፉ አውቃለሁ። በጾሙ የሚዜመው ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ ነው፤ ሊቃውንቱ በዝማሜ መቋሚያቸውን ወዲያና ወዲህ ያዘነብላሉ፣ ከብረትና ከቆዳ የሚወጣ ድምፅ ግን አይሰማም። ለማስተማር ቢሰማ ነውር ነው የሚል ሕግ አልጠቀሱልኝም። እሳቸው ግን በልማዳቸው ጾሙን እንዲህ ነው የሚያከብሩት። እኔም ድምፁን መቅዳቱን ትቼ እጃቸውን ብቻ በስልኬ ቀረጽኩ።

ድምፅ የሌለው ትምህርት እንዲህ ነበር። ቀኝ እጃቸው ጸናጽሉን ይዞ ከደረታቸው ከፍታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ታች ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ግራ እጃቸው ብረቶቹን እንደያዘ አብሮ ወረደ፣ አብሮ ወጣ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደገሙት። «ብዙ ልጆች እንደ ሕፃን መጫወቻ ያርገፈግፉታል። ያኔ ድምፁ ይበተናል፤ ሿሿሿ ይላል እንጂ ምት የለውም። ዜማው ሲወርድ እጅሽ ይወርዳል፣ ሲነሣ ይነሣል። ብረቶቹ የሚናገሩት እጅሽ ሲያርፍ ነው» አሉኝ።

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ብረቶቹ በዘንጉ ላይ ልቅ ናቸው። እጅ ሲንቀሳቀስ አብረው ይሄዳሉ፤ እጅ ድንገት ሲቆም እነሱ ግን አይቆሙም፤ ተንሸራተው እርስ በርስና ከጎኑ ጋር ይጋጫሉ። ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ ሃያ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ሲያዜም፣ የሃያው ሰው እጅ እኩል ካላረፈ ድምፁ አንድ አይሆንም። አንዱ ቀድሞ ከወረደ በጆሮ ይታወቃል። መረግድ በሚባለው የዜማ ክፍል ላይ ከበሮው ሲገባ የጸናጽሉ ምት የሚገጥመው ከዚያ ጋር ነው። ጽፋት የሚባለው ክፍል ሲደርስና ዜማው ሲፈጥን ደግሞ ጭብጨባው ይከተላል።

ጥሩ ጸናጽል የቱ እንደሆነም አሳዩኝ። ባለ ሁለት ዘንጉን ወስደው ቀስ ብለው ወደ ቀኝ አዘነበሉት። ጣታቸውን እንዳላነሡ ልብ በሉ፤ ብረቶቹን አንድ በአንድ እየለቀቁ በጣታቸው ይቀበሏቸዋል። ሁሉም ያለ ችግር ተንሸራተቱ። ባለ ሦስቱን ሲያዘነብሉት ግን ከመካከለኛው ዘንግ አንዱ ብረት ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ዘንጉ በትንሹ ጎብጦ ነበር። «ወድቆ ነው። ይኼ አሁን ቢመታ ድምፁ ይታፈናል» አሉ። የዘንጉን ጫፍም አሳዩኝ። ጫፉ ከጎኑ ወጥቶ ተጠምዟል፤ ያ ጥምዝ ሲላላ ዘንጉ ይወጣና ብረቶቹ ይረግፋሉ። ለፋሲካ ሳይደርስ እንዲቃና ወደ አንጥረኛ እንደሚልኩት ነገሩኝ።

ቤት ገብቼ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ እጁ፣ ትርጉሙ መጨረሻ ላይ። የያዕቆብን መሰላል ግን አልተውኩትም። ዘፍጥረት 28 ላይ ያለውን ታሪክ ልጆቹ ያውቁታል። አሁን ግን የብረቶቹን መንሸራተት ካዩ በኋላ ስለሚመጣ ስለ መውጣትና መውረድ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ጨመርኩ። መዝሙር 150 ላይ «ጸናጽል» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል። የዕብራይስጡ ቃል «ጸልጸሊም» ነው፤ ከእኛው ጋር ሲሰማ ዘመድ ይመስላል፣ ሁለቱም የብረት ድምፅ በውስጣቸው አለ። ነገር ግን የዕብራይስጡ ጸልጸሊም እንደ ሁለት ክዳን እርስ በርስ የሚጋጩ የናስ ሳህኖች ናቸው። ዘንግና ብረት ያለው፣ እጅ ላይ የሚወዛወዘው የእኛ ዓይነት መሣሪያ ሊቃውንት የሚያዛምዱት 2ኛ ሳሙኤል 6፥5 ላይ ካለው ሌላ የዕብራይስጥ ቃል ጋር ነው፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲያመሰግን ከተዘረዘሩት መሣሪያዎች አንዱ ነው። ለትንንሾቹ ይህ ይከብዳቸዋል ብዬ ከቪዲዮው አወጣሁት። ለ14 እና ለ15 ዓመቶቹ ግን በአካል ስንገናኝ ነገርኳቸው። የጥንት ግብፆችም በቤተ ጣዖቶቻቸው ተመሳሳይ መሣሪያ እንደነበራቸው ጨመርኩላቸው። አንዱ ልጅ «ታዲያ ከነሱ ነው የወሰድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መሣሪያው በአባይ ሸለቆ ከክርስትና በፊት የታወቀ እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ግን የምታዜምበት ለሌላ አምላክና በሌላ ዜማ እንደሆነ፣ የዜማውን ሥርዓትም በትውፊታችን ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ እንደተቀበልነው ነገርኩት። ጥያቄውን ሳልሸሽ በመመለሴ ደስ ብሎኛል።

ከሁሉ የቆየብኝ ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ነው። ፍቅር የሌለው ሰው በመላእክት ልሳን ቢናገር እንኳ እንደሚንሿሿ ጸናጽል ነው ይላል። ዘንጎቹ ሁለቱ ፍቅሮች ናቸው ከተባለ፣ ብረቶቹ ያለ ዘንግ ምን ይሆናሉ? መሬት ላይ የረገፉ ክብ ብረቶች ናቸው። ያን ጎባጣ ዘንግና ግማሽ መንገድ ላይ የቀረውን ብረት ሳላይ ይህን ማሰብ አልችልም ነበር። በቪዲዮው ውስጥ አላስገባሁትም። ለራሴ ነው የያዝኩት።

ቪዲዮውን በሆሳዕና ሳምንት ያለ ድምፅ ለቀቅኩት። የኔታ እጅ ሲወርድና ሲወጣ፣ የግራ ጣቶቻቸው ብረቶቹን እንደያዙ ይታያል። ከሥሩ «ድምፁን ፋሲካ ሌሊት ራሳችሁ ስሙት» ብዬ ጻፍኩ። የአንዳንድ ልጆች እናቶች ቪዲዮው ተበላሽቶ መስሏቸው ደወሉልኝ። ለእያንዳንዳቸው ስለ ጾሙ አስረዳሁ።

የፋሲካ ሌሊት የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ነበረች። እንቅልፍ አሸንፏት ነጠላዬ ውስጥ ተሸጉጣ አንቀላፍታለች። ከ55 ቀን በኋላ ከበሮው ሲመታ ብድግ አለች። ከዚያ ጸናጽሉ ገባ። የሊቃውንቱ እጆች አብረው ወረዱ፣ አብረው አረፉ፣ ያ ድምፅ ከሁለቱም ረድፍ አንድ ላይ መጣ። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ሲቆም ነው የሚጮኸው» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ የኔታ ቀስራ መቁጠር ጀመረች። «ሦስት ነው። ተቃንቷል።»