በሃያ ደቂቃ የተገመተ ቀን

ለግብር የቀን ገቢዬን የሚገምቱት ሠራተኛ ሱቄ የመጡት፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነበር። በ20 ደቂቃ 9 ደንበኛ ቆጠሩ፤ በሰዓት 27፣ በ10 ሰዓት 270 ብለው ጻፉ።

«ጠዋት ቢመጡ እኮ በሰዓት ሦስት ሰው አያገኙም» አልኳቸው።

«መደርደሪያው ሙሉ ነው» አሉኝ።

የላይኛውን ቆርቆሮ በጣቴ ነካሁት፤ አቧራው ላይ መስመር ወጣ። ሙሉ የሆነው ስላልተሸጠ ነው!

የወሩን የግዢ ደረሰኝ ዘረጋሁላቸው። በእሳቸው ግምት የወሩ ሽያጬ ከገዛሁት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በሱቁ ያለው ዕቃ ደግሞ በወሩ መጀመሪያ ከነበረው አልቀነሰም። ያልገዛሁትን ከየት አምጥቼ ሸጥኩ?

ቆጠራቸው ውሸት አልነበረም። ያዩት ግን ያቺን ሰዓት ብቻ ነው፤ ግብሩ የሚሰላብኝ ደግሞ የዓመቱ ነው። ማታውን ቅሬታዬን ጻፍኩ፤ ደረሰኞቹን አያይዤ፣ በሌላ ቀንና ሰዓት እንደገና እንዲታይልኝ ጠየቅሁ።